«እናከብራለን» ወይስ «ያድርሰን»? ለመጀመሪያው በዓል የሚላክ መልእክት

«ለከርሞ እንቁጣጣሽን በቤታችን እናከብራለን» ብሎ ለአምስት ወር ፍቅረኛው የጻፈ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃል ገብቷል። ጊዜውን ቆርጧል፤ «ቤታችን» ሲል ጋብቻን አንሥቷል፤ «እናከብራለን» ሲል ደግሞ ሳይጠይቃት በእሷም ፈንታ ወስኗል። እሱ የጻፈው ሞቅ ብሎት ይሆናል። እሷ ግን መልእክቱን ለታላቅ እህቷ ስታሳይ፣ እህትየዋ የምትጠይቀው «ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?» ብላ ነው።

የጅማ ጥንዶች የመጀመሪያ በዓላቸውን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማዕድ ላይ አያሳልፉትም። እሱ ኮቺ ከናቱ ቤት፣ እሷ ፈረንጅ አራዳ ከቤተሰቧ ጋር ትውላለች። ስለዚህ የበዓሉ ፍቅር በሙሉ የሚያርፈው በስልክ ላይ ባሉ አምስት ስድስት መስመሮች ነው፤ ሰው ከመጠን በላይ ቃል የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል። በቦታው አለመኖሩን በትልልቅ ቃላት ሊሞላው ይፈልጋል።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ መውጫ አለው። «እወስድሻለሁ»፣ «እናደርጋለን» የሚሉት ግሶች ተናጋሪውን ያስራሉ። «ያድርሰን»፣ «ይበለን» የሚሉት ግን ምኞቱን ለፈጣሪ ይሰጣሉ፤ ሙቀታቸው ሳይቀንስ ማንንም ባለዕዳ አያደርጉም። «የከርሞ ሰው ይበለን» ጎረቤት ለጎረቤት የሚለው ምርቃት ነው። ለፍቅረኛ ሲባል ያንኑ ያህል ይመኛል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዜር ካለ» መጨመር ግን የተቆረጠ ቃልን አያላላም። «ለከርሞ ኢንሻአላህ በቤታችን» የሚለውን ያነበበች ልጅ የምታስታውሰው «በቤታችን» የሚለውን ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይምጣ? ካለፈው። አብረው ያዩት አንድ ትንሽ ነገር፣ ቦታውና ወቅቱ ተጠቅሶ ሲጻፍ፣ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ከሚለው ይበልጣል፤ ያኛውን ማንም ለማንም ሊልከው ይችላልና። ያለፈ ነገር ደግሞ አይታጠፍም። ለወደፊቱ የሚተርፈው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ቅርብ፣ በአቅም ልክ፣ በጥያቄ የቀረበ። እንዲህ፦

«እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ሰኔ ላይ ዝናቡ መንገድ ላይ ይዞን በአንድ ጃንጥላ እየሳቅን የሄድነው ትዝ አለኝ። ያንቺ ግራ ትከሻ በስብሶ የኔ ደረቅ ነበር፤ ያየሁት ስንለያይ ነው። ይሄ ክረምት ካንቺ ጋር ደስ ብሎኝ አለፈ። ነገ ከቤተሰብ ጋር ደህና ዋዪ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካልዘነበ፣ ጅሬን እንውጣ? የከርሞ ሰው ይበለን።»

«ካልዘነበ» ያለው ለማሳመር አይደለም፤ ጅማ በመስከረም ገና ይዘንባል፣ ጅሬን ወዳለው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውም ዳገት ነው። «እንሄዳለን» ቢል ኖሮ በዝናብ የቀረ ጉዞ የታጠፈ ቃል ይሆንበት ነበር። የመጀመሪያው መስመር ተራ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። በበዓል ሰሞን የልጅቷ ስልክ ፎቶ ለማንሳት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል፤ መልእክት ሲገባ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው መጀመሪያው ነው። «የኔ ንግሥት» የሚለው በታናሽ ወንድሟ ቢነበብ የሚያፍረው ላኪው ሳይሆን እሷ ናት።

«እወድሻለሁ» በአካል ተብሎ የማያውቅ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ባይጻፍ እመርጣለሁ። በዓል ሰውን ያለሰልሳል፤ ቃሉ የልብ ይሁን የበዓል ለመለየት ይከብዳታል።

የሚላከው በዋዜማው ማታ ነው። ጠዋት እሷ ከወጡና ከቡናው ጋር ናት፤ ስልኳም ከየቴሌግራሙ በተገለበጠ የአደይ አበባ ሥዕል ተጥለቅልቋል። ከነዚያ መካከል ገልብጦ የላከ ወዲያው ይታወቃል፦ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ሳይስተካከል ቀርቶ ለአንዲት ልጅ ይደርሳል። «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረሽ» የሚለውም የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ስለሆነ ለሙስሊም ፍቅረኛ አይሄድም፤ ጅማ ውስጥ ይሄ ስሕተት ሩቅ አይደለም።

መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «አብሮ» የሚለውን ይዞ ተስፋ የሚገነባ ወንድ አለ፤ በማጠሩ የሚከፋም አለ። ይህ ለጎረቤትም ለባለሱቅም የሚመለስ ቃል ስለሆነ ለየትኛውም ማስረጃ አይሆንም። የሚጠበቀው የቅዳሜው ጥያቄ መልስ ነው፤ እሱም ወጡ ወጥቶ፣ እንግዳ ተሸኝቶ፣ ማታ ላይ ሊመጣ ይችላል።