«ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ» የሚባል ይቅርታ አንገፈገፈኝ

ኧረ እባካችሁ፣ ለቅርብ ጓደኛ ይቅርታ ስትጠይቁ የሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አትላኩ!

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ከዲላ ወደ ሐዋሳ መጣች። እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። የ11 ዓመት ጓደኛዬ «እኔ እቀበላታለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብላኝ ነበር። እናቴ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። እስከ ስድስት ተኩል መናኸሪያው በር ላይ፣ ያውም በዝናብ፣ የቡናዋን ማዳበሪያ ታቅፋ ጠበቀች። የጓደኛዬ ስልክ ዝግ ነው። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ልጅ አዝኖላት ሰፈሩን እየጠየቀ አደረሳት። ማታ ቤት ስገባ ነጠላዋ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤ እሷ ደግሞ ዝናብ የነካውን ቡና ሰፌድ ላይ ዘርግታ በእጇ ታገላብጣለች። «ምንም አልሆንኩም» አለችኝ።

ሰኞ ማታ መልእክት መጣ፦

«ውድ ጓደኛዬ፣ አውቄ በድፍረት ሳላውቅ በስህተት ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ከልብ የመነጨ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ስልኬ ተዘግቶብኝ፣ ሰዓቱም ረፍዶብኝ ነው። ቅር ካለሽ አዝናለሁ። ጓደኝነታችን ከሁሉም ይበልጣል።»

ይህን ሳነብ ከቅዳሜው ይልቅ በዚህ ተናደድኩ። «አውቄ በድፍረት ሳላውቅ በስህተት» ጾም ሲገባ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ የሚባል ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ ማን በምን እንደተቀየመ ስለማይታወቅ ሁሉን በአንድ ይሸፍናል። እኔ ግን የተቀየምኩት በምን እንደሆነ ይታወቃል! «ካለ» ምን ማለት ነው? እናቴ ዝናብ ላይ መቆሟ እኮ አለ የለም የሚባል ነገር አይደለም። «ቅር ካለሽ» ደግሞ ጭራሽ ጥፋቱን ከእሷ መቅረት አንስቶ እኔ ማኩረፍ ላይ ይጥለዋል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ያ «ብኝ» ነው። ተዘጋብኝ፣ ረፈደብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ተረሳብኝ። በዚች በአንዲት «ብኝ» አጥፊው ተበዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስልኩ እሷን በደላት፣ ሰዓቱም በደላት፤ እሷ ምንም አላደረገችም። አንዳንዴ እርግጥ እውነት ነው፤ ባትሪው ሞቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ያኔም ቢሆን የሰው ስልክ ለምኖ መደወል የማን ፋንታ ነበር? «ተዘጋብኝ» የሚለውን «ዘጋሁት» ብላችሁ አንብቡትና ምን እንደሚመስል እዩት። ያ ቃል ከአፍ አልወጣ ካለ፣ የተደበቀው እዚያ ነው።

ደግሞ ይህች ልጅ በ11 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ውድ ጓደኛዬ» ብላኝ አታውቅም። «አንቺ» ነው የምትለኝ፣ ሲብስባት «አንቺ ጉደኛ»። የገዛ አንደበቷን ትታ በማላውቀው ሰው ቋንቋ ስታናግረኝ የተላከልኝ ደብዳቤ እንጂ እሷ አልመሰለችኝም።

አንድ መስመር ብቻ መለስኩላት፦ «ምኑን ነው ይቅርታ የጠየቅሽኝ?»

ሁለት ሰዓት ያህል ዝም። «እየጻፈች ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይላል። ከዚያ ይህ መጣ፦

«አንቺ፣ እማማን እቀበላለሁ ብዬሽ አልሄድኩም። ዓርብ አምሽቼ ገብቼ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ስነሳ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ያኔ መደወል ነበረብኝ፣ ምን እላለሁ ብዬ ፈርቼ ሁለት ቀን ተደበቅኩ። ዝናብ ላይ እንደቆመች የሰማሁት ከወንድምሽ ነው፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንቺን ብቻ አይደለም የበደልኩት፣ እሷንም ነው። ነገ ከሥራ መልስ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ባትመልሺልኝም ይገባኛል።»

አያችሁ? «ከልብ» የሚል ቃል የለበትም። ግን «አልሄድኩም»፣ «ዘግቼ ተኛሁ»፣ «ተደበቅኩ» ሲል አድራጊዋ ራሷ ናት። የሚያሳፍረውን፣ እኔ የማላውቀውን ነገር እንኳን፣ ራሷ አወጣችው። መቼ መጥታ ምን እንደምታደርግ ተናገረች። ጓደኝነታችንን መያዣ አድርጋ ቶሎ ታረቂኝ አላለችም። አንድ «ነበረብኝ» አለ፣ እሱ ግን ግዴታዋን ነው የሚናገረው፤ ያኛው «ብኝ» አይደለም።

የሚቆጨኝ ይህን መጻፍ እየቻለች መጀመሪያ ያንን መላኳ ነው። ለምን እስክንጠይቅ ትጠብቃላችሁ? ሁለት ሰዓት ተጨንቃ የጻፈችው ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሰኞን ሙሉ ከማኩረፍ ያድነኝ ነበር።

ሁለተኛውን ለእናቴ አነበብኩላት። ጨርሼ ቀና ስል ሰፌዱን አንስታ ቡናውን ወደ ዕቃው እየመለሰች ነበር። «ነገ ስትመጣ እራት በልታ ነው ወይስ እዚህ ነው የምትበላው?» አለችኝ።