ከካፕሪያታው መሃል ያለው እንጨት ደጋፊ አይደለም

«ሶፍትዌሩ በሰከንድ ያወጣዋል። ታዲያ የመጋጠሚያ ዘዴን በእጅ መሥራት ለምን እንማራለን?» ይህን የጠየቀኝ በቅርቡ የተመረቀ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ዘዴው እንደ ካፕሪያታ ያለ የጣሪያ ተሸካሚ እንጨቶች የሚገናኙበትን መጋጠሚያ አንድ በአንድ እያየ፣ እያንዳንዱ እንጨት ስንት ኃይል እንደሚይዝ የሚያወጣ ሒሳብ ነው።

ስለ ትልልቅ ድልድይ አላወራም። አምስት እንጨት ብቻ ያለውን ተራ ካፕሪያታ እንውሰድ፤ ቆርቆሮ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 8 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 3 ሜትር ይሁን። ከሁለቱ ግድግዳዎች ተነስተው ጫፍ ላይ የሚገናኙት ሁለት ወራጆች እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ይሆናሉ። ከታች አግድም እንጨት አለ፤ መሃሉ ላይ ስለሚቀጠል እንደ ሁለት ይቆጠራል። ከጫፉ እስከ አግድሙ መሃል ደግሞ አንድ ቁም እንጨት ይወርዳል። ጫፉ ላይ 12 ኪሎ ኒውተን እንጫን። በሰፈር መለኪያ 12 ኩንታል ገደማ ነው።

ጭነቱ መሃል ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ግድግዳ 6 ይሸከማል። አሁን የት እንጀምር? አንድ መጋጠሚያ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚነግረን። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ኃይል መቻቻል አለበት፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ከሁለት በላይ ያልታወቀ ኃይል ያለበት መጋጠሚያ ላይ መጀመር አይቻልም። ጫፉ ላይ ሦስት እንጨት ስለሚገናኝ አይሆንም። ግድግዳው ላይ ግን ወራጁና አግድሙ ብቻ ናቸው። ከዚያ እንነሳ።

እኔ ሁሌም ሁሉም እንጨት ይወጠራል ብዬ እጀምራለሁ። መልሱ በመቀነስ ምልክት ከመጣ እንጨቱ ይጨመቃል ማለት ነው። መሃል መንገድ ላይ የኃይሉን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት መገልበጥ የለም። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ ቀስቱን ይገለብጥና የመቀነስ ምልክቱንም ይዞ ይቀጥላል።

ግድግዳው 6 ወደ ላይ ይገፋል። አግድሙ የተጋደመ ስለሆነ ወደ ታች ሊመልሰው አይችልም። የሚመልሰው ወራጁ ብቻ ነው። ወራጁ በ5 ሜትር ርዝመቱ 3 ሜትር ስለሚወጣ፣ ከኃይሉ 3/5ኛው ብቻ ነው ወደ ቁመት የሚሄደው፦

6 + (3/5) × ወራጅ = 0፣ ስለዚህ ወራጅ = −10

ወራጁ በ10 ይጨመቃል። የዚህ 4/5ኛው፣ ማለትም 8፣ መጋጠሚያውን ወደ ውጭ ይገፋል። ያንን የሚይዘው አግድሙ ነው፤ በ8 ይወጠራል። ሁለት መስመር ሒሳብ ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። አንድ ጊዜ ያየሁት ሞዴል ላይ የዚህ ዓይነት ካፕሪያታ አግድም እንጨት ዜሮ ኃይል ይዞ ወጥቶ ነበር። የሠራው ልጅ ደስ ብሎት ቀጭን እንጨት መርጦለታል። ሶፍትዌሩ ግን አልተሳሳተም። ልጁ ካፕሪያታው ግድግዳ ላይ የሚያርፍባቸውን ሁለቱንም ድጋፎች ወደ ጎን እንዳይሄዱ አድርጎ ቆልፏቸዋል። ድጋፎቹ ካልተንቀሳቀሱ አግድሙ የሚወጠርበት ምክንያት የለም። ያ 8 የት ሄደ ታዲያ? ግድግዳው ላይ! ሪፖርቱ ላይ በድጋፎቹ መስመር ወደ ጎን 8፣ 8 ተብሎ ተጽፏል፤ ያየው ግን አልነበረም። የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ አናቱን ወደ ውጭ በ8 ኩንታል ኃይል ግፋው ብትሉት የሚሰጣችሁ መልስ ስንጥቅ ነው። አንዷን መጋጠሚያ በእጁ ሠርቶ ቢሆን ዜሮውን ሲያይ ይደነግጥ ነበር። ለጠያቂዬ ያለኝ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

ሁለተኛው መልስ መሃል ላይ ያለው ቁም እንጨት ነው። ብዙ አናጢዎች፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ መሐንዲሶችም፣ ይህ እንጨት ጫፉን ከሥር ደግፎ ያቆመዋል ብለው ያስባሉ። አይፈረድባቸውም። ጎጆ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ምሰሶ ሲያይ የሚያስበው ይህንኑ ነው። የጎጆው ምሰሶ ግን መሬት ላይ ቆሟል። የካፕሪያታው ቁም የቆመው ምን ላይ ነው?

የታችኛውን መሃል መጋጠሚያ እንየው። ከግራና ከቀኝ አግድሙ በ8፣ በ8 ይስባል፤ ይቻቻላሉ። ወደ ታች የሚጎትት ምንም የለም። ስለዚህ ቁሙ ላይ ያለው ኃይል ዜሮ ነው። 12 ኩንታሉን በአንዲት ኪሎ እንኳ አልደገፈም።

አሁን እዚያው መጋጠሚያ ላይ ኮርኒስ እና ሌላ ዕቃ አንጠልጥሉበት፤ 6 ኪሎ ኒውተን ይሁን። ግድግዳዎቹ 9፣ 9 ይሸከማሉ። ወራጁ ወደ −15፣ አግድሙ ወደ 12 ይወጣሉ። ቁሙ ደግሞ +6 ይሆናል። ተወጠረ! ከሥር ደጋፊ የተባለው እንጨት ኮርኒሱን ከጫፉ ላይ ያንጠለጠለ ገመድ ሆኖ አረፈው። ያልነካነው የጫፉ መጋጠሚያ ማረጋገጫ ይሆነናል፦ ሁለቱ ወራጆች 9፣ 9 ወደ ላይ ይገፋሉ፤ 12 ጭነቱ፣ 6 ደግሞ ቁሙ ወደ ታች ይጎትታሉ። 18 ለ18፣ ልክ ነው።

ይህ የመደመር ምልክት ምስማሩን ይወስናል። ቁሙ የሚጨመቅ ቢሆን ኖሮ አግድሙ ላይ አስቀምጦ በሁለት አግድም ምስማር ማሰር ይበቃል። የሚወጠር ሲሆን ግን 6 ኩንታሉ የተንጠለጠለው በእነዚያ ምስማሮች ላይ ነው። ሲለቅ በዓይን ይታያል። በቁሙ ግርጌና በአግድሙ መሃል ክፍተት ይከፈታል፤ ኮርኒሱም መሃሉ ላይ ይረግባል። የድሮ የጣሊያን አናጢዎች ክፍተቱን ሆን ብለው ይተዉት ነበር። ቁሙ አግድሙን አይነካም፤ በአግድሙ ሥር የሚዞር የብረት ማሰሪያ ከቁሙ ጋር ያገናኘዋል። በኛ አገር ሥራ ከግራና ከቀኝ ላሜራ አድርጎ በቡሎን ማሰር ያንኑ ይሠራል። የአግድሙ ቅጥያም እዚያው መሃል ስለሆነና 12 ስለሚስበው፣ ሁለት ቁራጭ ደራርቦ በጥቂት ምስማር መምታት አያዋጣም።

ዘዴው የማይነግረን ነገርም አለ። ጭነት ሁሉ መጋጠሚያ ላይ እንዳረፈ ይቆጥራል። ሞራሌ በወራጁ ወገብ ላይ ከተመታ ወራጁ ከመጨመቁ ሌላ ይጎብጣል፤ ያ ለብቻው መታየት አለበት። ደግሞም −15 ማለት እንጨቱ 15ን ይችላል ማለት አይደለም። 5 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ባህር ዛፍ ከመሰበሩ በፊት ወደ ጎን ይጎብጣል። ምልክቱ የሚነግረን ለየትኛው እንጨት ይህን ማስላት እንዳለብን ነው።

ንፋስ ሲመጣ ደግሞ ምልክቱ ሁሉ ይገለበጣል። ቆርቆሮ ቀላል ነው። የንፋሱ መሳብ ከጣሪያው ክብደት በልጦ ጫፉን በ6 ወደ ላይ ቢጎትተው፣ ወራጆቹ በ5 ይወጠራሉ፣ አግድሙ በ4 ይጨመቃል። ለመወጠር ብቻ የተመረጠ 8 ሜትር ቀጭን እንጨት ሲጨመቅ ወደ ጎን ይወጣል። ካፕሪያታው ከግድግዳው ጋር የታሰረው በክብደቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ተነስቶ ይሄዳል።

ፈተና ላይ 11 መጋጠሚያ ያለው ካፕሪያታ ሰጥቶ ተማሪውን ከካልኩሌተር ጋር ማታገል ለእኔ አይገባኝም። ይህችን ባለ አምስት እንጨት ይስጡት። ከዚያ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በምን እንደሚታሰር ይሣል። ኃይሉን አግኝቶ ቁሙን በሁለት አግድም ምስማር የመታ፣ ነጥቡን ያጣል።