ቴርሞስታቱን ዝቅ ማድረግ በረዶ የያዘውን ክፍል አያቀዘቅዝም

«የምግብ ማቆያ ክፍላችን ሁልጊዜ 3 ዲግሪ ላይ ነበር፤ አሁን 9 ደርሷል። ማሽኑ እንዲበረታ ቴርሞስታቱን −2 ላይ ሞላሁት፤ ልክ ነኝ?»

እዚህ ላይ እርማት ያስፈልጋል። ቴርሞስታት ኮምፕረሰሩ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቆም ይወስናል እንጂ ኃይሉን አይጨምርም። ክፍሉ 9 ዲግሪ ላይ እስካለ ድረስ 3 ላይም ሆነ −2 ላይ ቢሞሉት ማሽኑ የሚሠራው እኩል ነው፤ ልዩነቱ −2 ላይ ሲሞሉት ክፍሉ 3 ቢደርስም የማያቆም መሆኑ ነው፤ ያለ ዕረፍት በሠራ ቁጥር ደግሞ የክፍሉን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ላይ ያለው በረዶ ይወፍራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኢቫፖሬተሩን ይመልከቱ። ስስ አመዳይ ጤናማ ነው፤ በስስ ቆርቆሮዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠጣር በረዶ ከተደፈነ ግን ፋኑ ቢዞርም አየር አያልፍም፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ በረዶ ማቅለጫው ሂተር ጋ ነው። በረዶው ገና ሳለ የማቅለጫው ሰዓት ሲጀምር የኤሌክትሪክ ባለሙያ በክላምፕ ሜትር ይለካው። እያንዳንዳቸው 500 ዋት የሆኑ ሦስት ሂተሮች በ220 ቮልት በአንድነት 6.8 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ 4.5 ካሳየ አንዱ ተቃጥሏል፤ በረዶውም የሚቀረው በእርሱ በኩል ነው። ምንም ካላሳየ ሰዓት ቆጣሪውና የሽቦው መስመር ይፈተሹ።

ምግቡን ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ አዛውረው፣ ኃይሉን አጥፍተው በረዶው በራሱ ይቅለጥ፤ በቢላዋ መፈቅፈቅ (ብዙ ሰው ያደርገዋል) ቱቦውን ሊበሳና ጋዙን ሊያስወጣ ይችላል። ሂተሩ ከተቀየረ በኋላ ቴርሞስታቱን ወደ 3 ይመልሱት።