እርማት፦ «እስፖርት» ላይ ያለችው እ

«ስፖርትን እስፖርት የምንለው ፊደላችን አናባቢ የሌለው ተነባቢ መጻፍ ስለማይችል ነው።»

ፊደል ያልቆጠረ ሰውም እኮ እንዲሁ ነው የሚለው። ሳድስ ደግሞ ያለ አናባቢም ይነበባል፤ «ልብስ» ስንል ከብ በኋላ ምንም አናባቢ አይሰማም።

ምክንያቱ የክፍለ ቃል አወቃቀር ነው። አማርኛ ክፍለ ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር አይወድም፤ በሁለት መጨረስ ግን ይፈቅዳል። ቃሉን ራሱን እዩት፦ መነሻው ላይ ስ እና ፕ ስለተጋጠሙ እ ገባች፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ርት» ግን እንደ «ወርቅ» ሳይነካ አለፈ። ስ እና ር ሁለቱም የተጻፉት በሳድስ ነው፤ ጥፋቱ የፊደል ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጋ እ ትሰማ ነበር።

የምትገባበት ቦታም በዘፈቀደ አይደለም። ስ ከፕ፣ ከት ወይም ከክ ፊት ሲመጣ እ ትቀድማለች። ሁለተኛው ተነባቢ ር ወይም ል ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ መሃል ትገባለች፤ ከውጭ ቋንቋ የመጣውን «ፍሬን» ማንም «እፍሬን» አይለውም።