የሐምሌ ዜና ሁሉ የከርሞ አይደለም

«ሂሳቡ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ሐምሌ ላይ የሆነ ነገር የከርሞ ነው፤ ቁጥር አይነካም።»

እንዲህ የሚል ካለ፣ እዚህ ላይ ላርም። ከሂሳብ መዝጊያ ቀን በኋላ ስለሚከሰቱ ነገሮች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 10፣ የሚያየው ወሬው መቼ እንደመጣ ሳይሆን ችግሩ ሰኔ 30 ላይ መኖሩን ነው። ድሬዳዋ ቀፊራ ያለ አከፋፋይ ከአንድ ደንበኛ 400,000 ብር ይጠብቃል እንበል። ደንበኛው ሐምሌ 20 ከሰረ። ቼኮቹ ግን ከግንቦት ጀምሮ «በቂ ስንቅ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። (የተመለሱበትን ቀን ማየት የሚረሳው ብዙ ነው።) ይገኛል የሚባለው 100,000 ብቻ ከሆነ፣ 300,000ው የሰኔ 30 ኪሳራ ነው። ቁጥሩ ይስተካከላል።

ደህና ከፋይ የነበረን ሰው ሱቅ ሐምሌ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቢጠርገውስ? ያኔ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ከነግምቱ በማብራሪያ ይገለጻል። ይህ የሚሠራው ሂሳቡ እንዲወጣ እስኪጸድቅ ድረስ ለተከሰተ ነገር ነው።