ለሦስት ቀን 5,751 ብር

ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ማተሚያ ቤት፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉትን። በየወሩ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነገር እሰማለሁ። «ብሩ ስለሌለኝ ቫቱን አላሳወቅኩም፤ ሳገኝ አንድ ላይ እጨርሰዋለሁ።» ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ሰዎቹ ሰነፍ ወይም አጭበርባሪ ሆነው አይደለም። ማሳወቅና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች መሆናቸውን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራቸውም።

ሰሞኑን የመጣልኝን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰውየው ማተሚያ ቤት አላቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መስከረም ላይ ለአንድ የግል ድርጅት የ800,000 ብር የሕትመት ሥራ ሠርተው አስረከቡ፤ ደረሰኝም ቆረጡ። በ15 በመቶ ሲሰላ ቫቱ 120,000 ብር ነው። ለወረቀትና ለቀለም ሲገዙ የከፈሉት ቫት 40,000 ስለነበር እሱ ተቀነሰ። ለመንግሥት የሚገባው 80,000 ብር ሆነ። የመስከረም ቫት ማሳወቂያውና መክፈያው እስከ ጥቅምት 30 ነው።

ችግሩ ያ ድርጅት ብሩን አልከፈለም። «ሥራ አስኪያጁ መስክ ናቸው»፣ «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው»፣ «ሰኞ ደውልልን»። እንዲህ እንዲህ እያለ የካቲት አለቀ። ቫቱ ግን ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ይቆጠራል እንጂ ብሩ ኪስ እስኪገባ አይጠብቅም። ደሜን የሚያፈላው ደግሞ ይህ ነው፤ ገዢው ሳንቲም ሳይከፍል ደረሰኙ እጁ ስለገባ ያንን 120,000 ብር ከራሱ ቫት ላይ ማቀናነስ ይችላል። ሥራውን የሠሩት ሰውዬ ግን ያላገኙትን ብር ከኪሳቸው አውጥተው መክፈል አለባቸው። ለትንሽ ነጋዴ በዱቤ መሥራት ማለት በገዛ ራሱ ላይ መፍረድ ሆኗል።

ጋሼ ጥቅምት መጨረሻ ላይ እጃቸው ላይ 30,000 ብር ነበራቸው። ይዘው ሄዱ። መስኮት ላይ ያገኟቸው ሠራተኛ «ሙሉውን ሲይዙ ይምጡ» ብለው መለሷቸው። አመኑ፤ ተመለሱ። ይህን ያለው ሰው ምን እንዳደረገ ቢያውቅ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ገንዘቡ ተለቆላቸው መጋቢት 3 ቀን አሳውቀው 80,000ውን ከፈሉ። ቀጥሎ የቅጣትና የወለድ ወረቀት መጣ። 36,600 ብር ከ55 ሳንቲም። በአንድ መስመር፣ በአንድ ድምር። ምኑ ቅጣት፣ ምኑ ወለድ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም። ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «በአምስት ወር ግማሽ ሊደርስ ነው እንዴ ልጄ? ይሄ የአራጣ ነው የመንግሥት?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ፈታሁት።

ውስጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ነው የሚቆጥሩት።

የመጀመሪያው ዘግይቶ የማሳወቅ ቅጣት ነው። በፌደራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ያልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ነው፤ ለቫት ይህ በየወሩ ይደመራል፤ ጣሪያው 25 በመቶ ነው። የወሩ ቁራጭም እንደ ሙሉ ወር ይያዛል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት አራት ሙሉ ወራት ናቸው። መጋቢት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ግን አምስተኛ ወር ተብሎ ተቆጠረ። አምስት ጊዜ 5 በመቶ 25 በመቶ፤ የ80,000 ብር 25 በመቶ 20,000 ብር። ከጠቅላላው ጣጣ ከግማሽ በላይ ይሄ ነው።

በዚህ ቅጣት ላይ ሌላም ወለል አለ። ግብሩ ራሱ ከ10,000 ብር በላይ ከሆነ ቅጣቱ ከ10,000 አያንስም። ስለዚህ ጋሼ ኅዳር 1 ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ አሳልፈው ቢያሳውቁ እንኳ 5 በመቶው 4,000 ብር ነው ተብሎ አይለቀቁም ነበር። 10,000 ነው የሚጠየቁት። ለአንድ ቀን!

ሁለተኛው ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ነው። ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር ወይም ለቁራጩ 2 በመቶ። አንድ ጊዜ 5፣ አራት ጊዜ 2፤ ድምሩ 13 በመቶ። 10,400 ብር።

ሦስተኛው ወለድ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይሄንን ነው፤ በየቀኑ ስለሚቆጥር። ስሌቱ ወለዱ መቆጠር ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሩብ ዓመት የነበረውን ከፍተኛ የባንክ ማበደሪያ ወለድ ይዞ በላዩ 15 በመቶ ይጨምራል። በጋሼ ጉዳይ የተያዘው መነሻ 20 በመቶ ነው፤ የ20 አሥራ አምስት በመቶ 3 ስለሆነ ዓመታዊው 23 በመቶ መጣ። የ80,000 ብር 23 በመቶ በዓመት 18,400 ብር ነው። ለ365 ሲካፈል በቀን 50 ብር ከ41 ሳንቲም። አራቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ ከመጋቢት ሦስቱ ጋር 123 ቀን። 6,200 ብር ከ55 ሳንቲም።

አያችሁት? በየቀኑ የሚቆጥረው፣ ሁሉም የሚያስፈራራበት ወለድ ከሦስቱ ትንሹ ነው። ወለዱ የሚታሰበው በፍሬ ግብሩ ላይ ነው እንጂ በቅጣቱ ላይ አይደለም፤ ከፍሬ ግብሩም አይበልጥም። ሰውን ጉድ የሚሠራው በወር የሚዘለው ቅጣት ነው።

አሁን ያቺን የመጨረሻዋን ሳምንት ተመልከቱልኝ። ጋሼ መጋቢት 3 ሳይሆን የካቲት 30 አሳውቀው ከፍለው ቢሆን የማሳወቁ ቅጣት 16,000፣ የመክፈሉ 8,800 ይሆን ነበር። ሦስት ቀን በመዝለቃቸው አንደኛው በ4,000፣ ሌላኛው በ1,600 ብር ጨመረ። የሦስቱ ቀን ወለድ 151 ብር ከ23 ሳንቲም ብቻ ነው። አንድ ላይ 5,751 ብር ከ23። ያ የግል ድርጅት ቼኩን የፈረመው በዚያው ሰሞን ነበር። ፊርማዋ ሦስት ቀን ብትቀድም እነዚህ ሰውዬ የሁለት ሠራተኛ ደሞዝ ሊተርፋቸው ይችል ነበር። ድርጅቱ «ይቅርታ» እንኳ አላለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጥቅምት 30 ነው። ያኔ መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኛ «ጋሼ፣ ቫቱን ያሳውቁ፤ ያለዎትን 30,000 ይክፈሉ፤ ለቀሪው የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ» ብለዋቸው ቢሆን ምን ይሆን ነበር? በሰዓቱ ስላሳወቁ የመጀመሪያው ቅጣት ዜሮ ነው። 20,000ው የለም ማለት ነው። ያልተከፈለው 50,000 ብቻ ይሆናል። ቀሪውን በዚያው መጋቢት 3 ቢከፍሉ የመክፈያው ቅጣት 6,500፣ ወለዱ 3,875 ብር ከ34። ድምር 10,375 ብር ከ34። ከ36,600 ወደ 10,375! ልዩነቱ 26,225 ብር ነው። ይህንን ብር ያስወጣቸው ድህነት አይደለም፤ «ሙሉውን ሲይዙ ይምጡ» የምትለው ቃል ናት።

አዋጁ ላይ እኮ ተጽፏል። ግብር ከፋዩ ያመጣው ብር ከጠቅላላው ዕዳ ካነሰ መጀመሪያ የሚያዘው ለፍሬ ግብሩ ነው። ይህ ለከፋዩ የተደረገ ትልቅ ነገር ነው። ፍሬ ግብሩ ሲቀንስ የዕለቱ ወለድም፣ የሚቀጥለው ወር 2 በመቶም አብሮ ይቀንሳል። በከፊል መክፈል ዋጋ የለውም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ገበያው ውስጥ ግን እንደ ሕግ ይነገራል። ተከፋፍሎ እንዲከፈልም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ወለዱ አይቆምም፤ ቢሆንም በቀን 50 ብር እየከፈሉ መተንፈስ ከድንገተኛ ዕዳ በስንት ጣዕሙ!

ግብር አይከፈል እያልኩ አይደለም። ቫት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ መቀጣቱም ይገባኛል። የሚያናድደኝ የማያውቀውን ሰው አሳስቶ መልሶ፣ ኋላ ባላሳወቀበት መቅጣት ነው። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ሦስቱን ለየብቻ ጻፉ። የማሳወቁ ይሄ፣ የመክፈሉ ይሄ፣ ወለዱ በቀን ይህን ያህል ሆኖ የስንት ቀን እንደሆነ ይሄ። ሰው የቱ ላይ እንደተጎዳ ካላየ የሚቀጥለውን ወር እንዴት ይጠንቀቅ? ስህተት ቢኖርስ በምን ይከራከር? ቅሬታ ማቅረቢያው ከውሳኔው ማስታወቂያ ጀምሮ 21 ቀን ነው። በአንድ መስመር ድምር ይዞ እየተንከራተተ ያ ጊዜ ያልቅበታል።

ወረቀት የደረሳችሁ ካላችሁ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሩ፤ መነሻው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ማግስት ነው። ቀጥሎ የተያዘው ፍሬ ግብር በትክክል ያልከፈላችሁት ብቻ መሆኑን እዩ። በየጊዜው ከፍላችሁ ከሆነ አንዳንዴ ቅጣቱ በሙሉው ላይ ተሰልቶ ይመጣል፤ የባንክ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። በመጨረሻ የማሳወቁ ቅጣት ከ10,000ው ወለል በልጦ ከ25 በመቶም አልፎ እንደሆነ ተመልከቱ።

ለጋሼ የቅጣት ማንሻ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ደንበኛቸው ብሩን የለቀቀበትን የባንክ ማስረጃም አያይዤበታለሁ። የየካቲት ቫታቸው እስከ መጋቢት 30 ነው። ከዚያ ሕትመት የተረፋቸው ብር ለቅጣቱ ስለሄደ አሁንም ሙሉው የላቸውም። በዚህ ሳምንት እናሳውቃለን፤ ያላቸውን እንከፍላለን። መስኮቱ ጋ አብሬያቸው እቆማለሁ፤ «ሙሉውን ሲይዙ ይምጡ» የሚል ካለ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።