ቀኖቹን መቀያየር የማይፈታው የአማካይ መስመሮች ችግር

አጭሩ ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ ማለትም ያለፉት ጥቂት ቀናት መዝጊያ ዋጋ አማካይ፣ የብዙ ቀናት የሆነውን ረጅሙን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ መግዛት፣ ከላይ ወደ ታች ሲያቋርጥ መሸጥ፦ ስልቱ ይኸው ነው። ሲያከስር ብዙዎች የሚወቅሱት የቀኖቹን ምርጫ ነው። 5 እና 20 አልሆን ሲል 7 እና 23 ይሞክራሉ። በእኔ እምነት ይህ ድካም ባብዛኛው ከንቱ ነው።

አማካይ ያለፈውን ዋጋ ስለሚደምር ኋላ መቅረቱ አይቀርም። የሚያስከፍለው ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ግን ገበያው አቅጣጫ ሲያጣ ነው። አንድ አክሲዮን ከ90 እስከ 102 ይመላለሳል እንበል፤ 12 ቀን በየቀኑ አንድ ነጥብ ይወጣል፣ 12 ቀን ደግሞ እንዲሁ ይወርዳል። 90 ነክቶ ከተመለሰ በ7ኛው ቀን የ5 ቀኑ አማካይ 95፣ የ20 ቀኑ 95.3 ነው። በ8ኛው ቀን 96 እና 95.1 ይሆኑና መስመሮቹ ይቋረጣሉ። ይህ የሚታወቀው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ግዢው በማግስቱ መዝጊያ ላይ በ99 ይፈጸማል። ጭማሪው ሊያበቃ የቀረው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ዋጋው ከ102 ሲመለስም የመሸጫው ምልክት ያንኑ ያህል ይዘገያል፤ ሽያጩ በ93 ይሆናል። ኮሚሽን ሳይታሰብ 6 ነጥብ ጠፋ ማለት ነው። አክሲዮን ተበድሮ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በ93 ሸጦ በ99 ስለሚገዛ በመልሱም ጉዞ ሌላ 6 ያጣል።

ጉዞው ከ12 ይልቅ 20 ቀን ቢረዝምና ዋጋው 110 ቢደርስስ? ግዢው በዚያው በ99፣ ሽያጩ በ101 ይሆናል፤ ከ20 ነጥብ እንቅስቃሴ 2 ብቻ ይተርፋል። መግቢያው 9 ነጥብ፣ መውጫው 9 ነጥብ ስለሚወስዱ በዚህ ፍጥነት ከ12 እስከ 17 ቀን የሚቆይ ጉዞ ሁሉ ኪሳራ ነው። በማስተማሪያ ሰንጠረዦች ላይ ይህ የማይታየው ብዙውን ጊዜ ረጅም ጉዞ ተመርጦ ስለሚቀርብ ነው።

ቀኖቹን ማሳጠር መዘግየቱን ይቀንሳል፤ ግን መስመሮቹ በጥቃቅን ንዝረት ሁሉ መቋረጥ ይጀምራሉ፣ ኮሚሽኑም ይበዛል። የሁለቱ መስመሮች ልዩነት አንድ በመቶ እስኪሞላ መጠበቅ ሐሰተኛ ምልክቶችን ያጣራል፤ መዘግየቱን ግን ያስረዝማል። የአዝማሚያ ጥንካሬን የሚለካው ኤዲኤክስም ራሱ የአማካይ ውጤት በመሆኑ ገበያው አቅጣጫ ማጣቱን የሚነግረን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቀኖቹን ከመቀያየር ይልቅ የምንነግደው ዕቃ አንድ ጉዞው በተለምዶ ስንት ቀን እንደሚቆይ መቁጠርን እመርጣለሁ።

ስልቱን ባለፈ ዋጋ የሚፈትን ሰው ፕሮግራሙ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚገዛም ይመልከት። ምልክቱ በታየበት ቀን መዝጊያ ገዝቶ የሚሸጥ ከሆነ፣ ከላይ ባየነው ምሳሌ በ98 ገብቶ በ94 ይወጣና ኪሳራው 4 ብቻ ሆኖ ይታያል።